ፓምፕ የሌለው ማሞቂያ፦ የሶላር ውሃ ማሞቂያ ቧንቧ አዘረጋግና የሬዚስታንሱ ነገር

(ባለፈው እሁድ በቤት ማህበራችን ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ያልመጣችሁ አባላት ስለጠየቃችሁኝ ከተቀዳው ላይ እንዳለ ገልብጬዋለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደራችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እሁድ ጠዋት እረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ። ሊቀመንበራችን ሲያስተዋውቁኝ "ስለ ሶላር ይነግረናል" አሉ፣ ልክ ነው ግን አንድ ነገር ከመጀመሪያው ላጥራ፣ መብራት ስለሚሰጠው ሶላር አይደለም የማወራው። ውሃ ስለሚያሞቀው ነው። ጣሪያ ላይ ጥቁር መስታወት ያለው፣ ከላዩ ደግሞ በርሜል የመሰለ ታንከር የተጋደመበት፣ እሱን ነው። ማህበራችን ለሁሉም ቤት በአንድ ላይ ለማስገባት እያሰበ ስለሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ ብዬ ነው የመጣሁት።

ሁለት ነገር ብቻ ነው የምናገረው። አንደኛው ቧንቧው ነው፣ በመስታወቱና በታንከሩ መካከል ያለው ቧንቧ። ሁለተኛው ሬዚስታንሱ ነው፣ ፀሐይ በሌለ ቀን በመብራት የሚያሞቀው። የትኛውን ብራንድ እንግዛ የሚለውን ዛሬ አልነካውም፣ ምክንያቱም እኔ 19 አመት በዚህ ስራ ላይ ያየሁት ችግር አብዛኛው ከእቃው አይደለም የመጣው፣ ከአገጣጠሙ ነው።

እሺ፣ አንደኛው ላይ ልግባ። ይሄ እቃ ፓምፕ አለው? የለውም። ታዲያ ውሃው ከመስታወቱ ወደ ታንከሩ ማን ያወጣዋል? ብዙ ሰው ስጠይቀው "ከሮቶው የሚመጣው ግፊት" ይለኛል። አይደለም። የሮቶው ግፊት ውሃውን ወደ ሻወራችሁ ነው የሚወስደው። በመስታወቱና በታንከሩ መካከል ያለው ውሃ የሚዞረው የሞቀ ውሃ ከቀዝቃዛ ስለሚቀል ብቻ ነው። ቴርሞሳይፎን የሚባለው ይሄ ነው፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።

ግን ምን ያህል ይቀላል? እዚህ ጋ ነው ጆሯችሁን እንድትሰጡኝ የምፈልገው። አንድ ሊትር 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ ወስዳችሁ ሚዛን ላይ ብታስቀምጡት 998 ግራም አካባቢ ነው። አንድ ሊትር 60 ዲግሪ የሆነውን ብታስቀምጡት ደግሞ 983 ግራም። ልዩነቱ 15 ግራም! ሶስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። ያ ሁሉ 200 ሊትር ውሃ ቀኑን ሙሉ እየዞረ የሚሞቀው በዚች በ15 ግራም ልዩነት ነው። ፓምፕ ቢኖረው ኖሮ ቧንቧው ቢጣመም፣ ቢጠብ፣ ወደላይ ወጥቶ ወደታች ቢወርድ ገፍቶ ያሳልፈዋል። እዚህ ግን የሚገፋ የለም። ቧንቧው ራሱ ነው ፓምፑ። ደግሜ ልበለው፣ ቧንቧው ራሱ ነው ፓምፑ፣ ቧንቧው ከተበላሸ ፓምፑ ተበላሸ ማለት ነው።

ስለዚህ ቧንቧው እንዴት ነው የሚዘረጋው? ከታንከሩ ታች ቀዝቃዛው ይወጣል፣ ወርዶ በመስታወቱ የታችኛው ጥግ ይገባል። በመስታወቱ ውስጥ እየሞቀ ይወጣና በላይኛው ጥግ፣ በገባበት ጎን ሳይሆን በተቃራኒው ጎን፣ ይወጣል። ለምን በተቃራኒው? በአንድ ጎን ገብቶ በዛው ጎን ከወጣ አቋራጩን ይይዝና ያኛው ግማሽ መስታወት ስራ ፈቶ ይቀመጣል። ከዛ የሞቀው ታንከሩ ጎን ላይ፣ ከወገቡ ከፍ ብሎ ይገባል። ለሻወር የምትወስዱት ደግሞ ከታንከሩ አናት ነው፣ ምክንያቱም በጣም የሞቀው እዛ ነው የሚተኛው። ከሮቶው የሚመጣው አዲስ ውሃ በታች ይገባል። ቀዝቃዛ በታች፣ ሙቅ በላይ፣ ይሄ ሲዛባ ሁሉም ይዛባል።

አሁን ደግሞ ዋናው ህግ። ከመስታወቱ የሚወጣው የሙቅ ቧንቧ ከመነሻው እስከ ታንከሩ ድረስ ሳያቋርጥ እየወጣ መሄድ አለበት። ትንሽም ብትሆን፣ በአንድ ሜትር ሁለት ሴንቲ ይበቃል፣ ግን እየወጣ። አንድ ቦታ ላይ ጉብ ብሎ ከዛ ዝቅ ካለ ምን ይሆናል? ውሃ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ይለቃል፣ ውሃ በድስት ስትጥዱ ከመፍላቱ በፊት ጎንና ጎኑ ላይ ትንንሽ ፊኛ ታዩ የለም? እሱ ነው። ያ አየር ጉብ ያለው ቦታ ላይ ይሰበሰብና ይዘጋዋል፣ 15 ግራሟ ደግሞ አየር ገፍታ የማለፍ አቅም የላትም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ይብሳል፣ ምክንያቱም ሮቶው ባለቀ ቁጥር አዲስ አየር ይገባል።

ሌላው ከፍታ ነው። የታንከሩ ታች ከመስታወቱ አናት በላይ መሆን አለበት፣ ታንከሩ ለብቻው በሚቀመጥበት አገጣጠም ላይ እኔ ከ30 ሴንቲ በታች አልሰራም። ለምን? ቀን ፀሐይ እያለ ትንሽ ዝቅ ቢልም ሊሰራ ይችላል። ችግሩ ለሊት ነው። ህዳርና ታህሳስ ላይ የአዲስ አበባን ለሊት ታውቁታላችሁ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ብርዱ አጥንት የሚገባ። ያ መስታወት ቀን ሙቀት እንደሰበሰበ ሁሉ ለሊት ሙቀቱን ለሰማይ ይለቃል። በውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ወደታች ይወርዳል፣ እሱ ሲወርድ ከታንከሩ የሞቀውን ውሃ በላይኛው ቧንቧ ስቦ ያስገባል። ወደኋላ ይዞራል ማለት ነው! ቀን ያሞቃችሁትን ለሊት መልሶ ያቀዘቅዘዋል። ታንከሩ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ግን ቀዝቃዛው ውሃ መስታወቱ ውስጥ ታች ተኝቶ ይቀራል፣ የሞቀው ላይ ይቆያል፣ መንቀሳቀሻ ምክንያት የለውም።

(እዚህ ጋ አንድ ወንድም "ቼክ ቫልቭ ብናስገባበትስ?" ብሎ ጠየቀ።)

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሁሌም ይጠየቃል። ቼክ ቫልቭ ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ፣ ውስጡ ስፕሪንግ ያለው ወይም ክብደት ያለው ክዳን ነው፣ ለመክፈት ግፊት ይፈልጋል። ያቺ 15 ግራም ልትከፍተው አትችልም፣ ብትከፍተውም በግማሽ ነው። ለለሊቱ ብላችሁ የቀኑን ትገድሉታላችሁ። በዚህ ዙር ውስጥ ቼክ ቫልቭ አይገባም፣ መፍትሄው ከፍታ ነው።

ስለ ቧንቧው አይነትም ልናገር። ዛሬ ቤታችን ሁሉ ፒፒአር ነው፣ አረንጓዴው ወይም ነጩ ፕላስቲክ፣ ጥሩ ቧንቧ ነው፣ ለቤት ውስጥ። በመስታወቱና በታንከሩ መካከል ግን አይሆንም። ፒፒአር ለረጅም ጊዜ እንዲሸከም የተሰራው 70 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቤተሰቡ ለፋሲካ ክፍለሀገር ሄዶ ሶስት ቀን ማንም ሙቅ ውሃ ካልተጠቀመ ከመስታወቱ የሚወጣው ውሃ እስከ መፍላት ሊደርስ ይችላል፣ አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያኔ ፒፒአሩ ይለሰልሳል፣ በድጋፎቹ መሃል ይረግባል፣ ሲረግብ ጎንና ጎኑ ጉብ ይላል፣ ያ ያልኳችሁ አየር ቦታ አገኘ ማለት ነው። በዛ ላይ ፀሐይ ላይ ሳይሸፈን ሲቀመጥ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ለዚህ ዙር ወይ መዳብ ወይ ጋልቫናይዝድ የብረት ቧንቧ፣ ወፈር ያለ፣ ባለ አንድ ኢንች፣ አጭር፣ ኤልቦው ያነሰ። ሁለቱን ደግሞ በቀጥታ አታጋጥሟቸው፣ መዳብና ጋልቫናይዝድ ከተነካኩ ጋልቫናይዝዱ ይበላል፣ መሃላቸው የነሐስ ማያያዣ ይግባ። ከዛ ሁሉም በጥቁሩ ፎም ይሸፈን፣ ፎሙ ደግሞ ከፀሐይ እንዲጠበቅ ከላዩ ላሜራ ወይም ቴፕ ይልበስ።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አያት አካባቢ አንድ ባለ አንድ ፎቅ ቤት፣ ባለቤቷ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ስማቸውን አልጠራም። ደውለው "ልጄ፣ ሶላሩ ይሰራል፣ ሙቅ ውሃ ሁሌም አለ፣ ግን የመብራት ሂሳቤ ቦይለር ከነበረኝ ጊዜ ምንም አልቀነሰም፣ ለምንድነው?" አሉኝ። እስቲ አስቡት፣ ሙቅ ውሃ አለ፣ ሁሌም አለ። ማንም ሰው እቃው ተበላሽቷል አይልም። እኔ ግን ስሰማው ወዲያው የጠረጠርኩት አንድ ነገር ነበር። "እማማ፣ የሬዚስታንሱን ብሬከር ያጥፉትና ፀሐያማ የሆነ ሶስት ቀን ይጠብቁኝ" አልኳቸው። በሁለተኛው ቀን ደወሉ፣ ውሃው በረዶ ነው።

በሶስተኛው ቀን ልክ 6 ሰዓት ላይ ጣሪያቸው ላይ ወጣሁ። ቧንቧውን በእጄ ዳሰስኩ፣ ይሄን እናንተም ማድረግ ትችላላችሁ፣ ምንም መሳሪያ አይፈልግም፣ ብቻ ቶሎ ነካ አድርጋችሁ ልቀቁ እንዳያቃጥላችሁ። ከመስታወቱ የሚወጣው ቧንቧ መነሻው ላይ እጅ አያስቀምጥም፣ ያቃጥላል። ሁለት ሜትር ሄጄ ስነካው ለብ ያለ፣ ታንከሩ ጋ ስደርስ ቀዝቃዛ። ይሄ ምን ማለት ነው? መስታወቱ ስራውን እየሰራ ነው፣ ውሃው ግን አይዞርም። በደህና የሚዞር ቢሆን ኖሮ የሙቅ ቧንቧው ከዳር እስከ ዳር ሞቆ፣ የታችኛው ደግሞ ከሱ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር የማገኘው።

አገጣጠሙን አየሁት። ታንከሩ ከመንገድ እንዳይታይ ተብሎ ከጣሪያው አናት በወዲያኛው በኩል ዝቅ ብሎ ተቀምጧል፣ የታንከሩ ታች ከመስታወቱ አናት ወደ 20 ሴንቲ ዝቅ ይላል። ቧንቧው 25 ሚሊ ፒፒአር፣ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ የጣሪያውን አናት ተሻግሮ ወደዚያ ይወርዳል። ጉብ የሚለው ቦታ በአናቱ ላይ አለ፣ ደግሞ ፒፒአሩ ረግቦ ሌላ ሁለት ጉብታ ፈጥሯል። የገጠመው ሰው መጥፎ ሰው አይደለም፣ የሻወር ቧንቧ እንደሚዘረጋው ነው የዘረጋው፣ ለሻወር ቢሆን ይሰራ ነበር።

በዛው ቀን ብሬከሩን መልሼ አብርቼ ማታ 3 ሰዓት ላይ ተመለስኩ። አየሩን አስወጥቼለት ስለነበር ቧንቧው ለጊዜው ክፍት ነው። ከመስታወቱ ላይኛው ጫፍ ጋ ያለውን ቧንቧ ስነካው፣ በዛ ብርድ፣ ፀሐይ ከገባች ከሶስት ሰዓት በኋላ፣ ሙቅ ነው! ከየት መጣ ይሄ ሙቀት? ከታንከሩ። ታንከሩን ማን አሞቀው? ሬዚስታንሱ። እማማ በመብራት ውሃ ያሞቃሉ፣ ውሃው በቧንቧው ወደኋላ ይዞራል፣ መስታወቱ ለሰማይ ይለቀዋል፣ ቴርሞስታቱ ቀዘቀዘ ብሎ እንደገና ያበራል። አየር ሲዘጋው ያቆማል፣ አየሩ ሲወጣ እንደገና። ሂሳባቸው ለምን እንዳልቀነሰ ገባችሁ? ፀሐይዋ አንድም ቀን አላሞቀችላቸውም፣ ሬዚስታንሱ ግን ጥፋቱን ሸፍኖት ነበር። እኔን ዛሬ እዚህ ያመጣኝ ይሄ ነው፣ ሬዚስታንስ ያለው ሶላር ቢበላሽም አይነግራችሁም፣ ሙቅ ውሃ እያገኛችሁ አመት ሁለት አመት ላታውቁት ትችላላችሁ።

ምን አደረግን? ታንከሩን ወደ መስታወቱ ጎን አምጥተን በአንግል ብረት የተሰራ ቋሚ ላይ ከፍ አደረግነው፣ ታቹ ከመስታወቱ አናት 30 ሴንቲ በላይ ሆነ። ቋሚው ከታች በግድግዳው ላይ ነው ያረፈው፣ በእንጨቱ መሃል አይደለም፣ 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው የታንከሩን ሳይጨምር። ቧንቧው ባለ አንድ ኢንች ጋልቫናይዝድ፣ ከ6 ሜትር ወደ 2 ሜትር ተኩል ወረደ፣ ኤልቦው ከዘጠኝ ወደ ሶስት። በሳምንቱ ብሬከሩ እንደጠፋ ማታ 12 ሰዓት ላይ ለካሁት፣ 56 ዲግሪ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 51። ለሊቱን 5 ዲግሪ ብቻ ነው ያጣው። እማማ ቴርሞሜትሩን ሁለቴ ነው ያስነበቡኝ።

ከሮቶው ጋር ስላለው ግንኙነትም አጭር ነገር ልበል፣ እዚህ ሰፈር ሁላችንም ሮቶ ስላለን። የሮቶው ታች ከሶላሩ ታንከር አናት በላይ መሆን አለበት፣ አለዚያ ሮቶው ውስጥ ውሃ እያለ ታንከሩ አይሞላም። ከታንከሩ አናት የሚወጣ የመተንፈሻ ቧንቧ አለ፣ ጫፉ ከሮቶው የሞላ ውሃ ደረጃ ቢያንስ 30 ሴንቲ ከፍ ብሎ ወደታች ይቆለመማል። በሱ ላይ ቫልቭ የሚባል ነገር አይገባም፣ በፍጹም። 200 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ በ3 ሊትር ያህል ያብጣል፣ ያ ውሃ መሄጃ ካጣ ታንከሩን ነው የሚቀደው።

ለሶላሩ የሚሄደው ቀዝቃዛ ደግሞ ከሮቶው ለብቻው ይምጣ። ከኩሽናው መስመር ላይ ቀጥላችሁ ካወጣችሁት፣ ሮቶው አልቆ ታች ኩሽና ውስጥ ቧንቧ ሲከፈት የሶላሩ ታንከር በታቹ ተስቦ ይፈሳል። ታንከሩ ባዶ ሆነ፣ ሬዚስታንሱ ደግሞ በርቷል፣ ውሃ የሌለው ሬዚስታንስ በደቂቃዎች ነው የሚቃጠለው። ስንቱን ለውጫለሁ በዚህ ምክንያት! እዚህ ላይ፣ በመግቢያው በኩል፣ ቼክ ቫልቭ ማስገባት ይቻላል፣ ያኛው የመተንፈሻ ቧንቧ ክፍት እስከሆነ ድረስ።

አንድ ቤት ደግሞ የመተንፈሻው ቧንቧ ቀንም ለሊትም ውሃ ያንጠባጥባል ተብዬ ሄድኩ። ሻወሩ ላይ ሙቁ ከሶላር ነው፣ ቀዝቃዛው ግን ከሮቶው ሳይሆን በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ነው የተሳበው። የመንገዱ ግፊት ስለሚበልጥ ቀዝቃዛው በሚክሰሩ ውስጥ አልፎ በሙቁ ቧንቧ ወደላይ እየወጣ ታንከሩን ሞልቶ በመተንፈሻው ይፈሳል። ሰዎቹ ታንከሩን ሊቀይሩት ነበር። ሙቅም ቀዝቃዛም ከአንድ ሮቶ ይምጡ፣ አለቀ።

እሺ፣ ወደ ሁለተኛው ነጥቤ፣ ወደ ሬዚስታንሱ። መጀመሪያ ፀሐይ ምን ያህል ትሰጠናለች? አዲስ አበባ ላይ በአንድ ካሬ ሜትር በቀን ወደ 5 ኪሎዋት ሰዓት ብንይዝ፣ 4 ካሬ መስታወት 20 ይቀበላል፣ ከዛ ግማሽ የማይሞላውን፣ 9 ያህሉን፣ ውሃ ውስጥ ያስገባል። 200 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 55 ለማውጣት የሚያስፈልገው ስንት ነው? 8.6 ኪሎዋት ሰዓት። ተመጣጠነ አይደል? በጥሩ ቀን ፀሐይዋ ብቻዋን ትበቃለች። ሐምሌና ነሐሴ ግን አትበቃም፣ ውሃው 30፣ 35 ላይ ይቆማል፣ እንደ ደመናው። ለዛ ነው ሬዚስታንሱ የተፈለገው።

በነገራችን ላይ መስታወቱ ወደ ደቡብ ነው የሚዞረው፣ 15 ወይም 20 ዲግሪ አጋድሎ። አንዳንድ ሰው "ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ እኮ ፀሐይዋ በቀትር በሰሜን በኩል ናት" ይለኛል፣ እውነቱን ነው፣ ግን በዛ ጊዜ አብዛኛው ክረምት ነው፣ ደመና ነው። ብርዱ የሚጠነክረውና ሰማዩ የሚጠራው ከጥቅምት እስከ ጥር ስለሆነ ለሱ ነው የምናዞረው። ጭራሽ ጠፍጣፋ ማድረግ ደግሞ አይሆንም፣ ውሃው የሚወጣበት ዳገት ያጣል።

ታዲያ ሬዚስታንሱ መቼ ይብራ? ስንቶቻችሁ ናችሁ ቦይለራችሁን ለሊቱን ሙሉ አብርታችሁ የምታድሩት? (እጅ ወጣ፣ ብዙ ሰው።) ለቦይለር ይሁን። ለሶላር ግን ይሄ ፀሐይዋን ማባረር ነው። ለሊቱን ሬዚስታንሱ አሙቆት ካደረ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ታንከሩ 60 ዲግሪ ሆኖ ይጠብቃታል። ምን ታሙቅ? ቦታ የላትም። የሚሞቅ ቀዝቃዛ ውሃ ከሌለ ዙሩም አይዞርም፣ ያቺ 15 ግራም የምትመጣው ከልዩነት ነውና። ስለዚህ ጠዋት ላይ ታንከሩ ቀዝቃዛ ይሁን፣ ቀኑን ለፀሐይ ስጧት፣ ማታ 11 ሰዓት ላይ እዩት። ፀሐይዋ 55 አድርሳው ከሆነ ምንም አታብሩ። 40 ላይ ከቆመ፣ 1,500 ዋት ሬዚስታንስ 200 ሊትሩን ወደ 55 ለማድረስ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ከ11 እስከ 1 ሰዓት ተኩል የሚያበራ ታይመር አስገቡ፣ ቴርሞስታቱን 55 እና 60 መሃል አድርጉ፣ ፀሐይዋ ካደረሰችው ቴርሞስታቱ ራሱ አያበራም። ከዛ በታች ግን አታውርዱት፣ ለብ ብሎ ለቀናት የሚቀመጥ ውሃ ውስጥ ሳምባን የሚያሳምም ባክቴሪያ ይራባል።

(አንዲት እህት "ጠዋት የሚታጠቡ ልጆች ካሉስ?" አለች።) እህቴ፣ ማታ የሞቀው ታንከሩና ቧንቧው በደንብ ከተሸፈነ ጠዋት ድረስ ይቆያል፣ የእማማን ቁጥር ነገርኩሽ፣ 5 ዲግሪ ብቻ። ጠዋት ልጆቹ ሲጠቀሙበት ደግሞ ቀዝቃዛ ይገባል፣ ፀሐይዋ ስራ ታገኛለች። እንደውም ጥሩ ነው።

ሬዚስታንሱ የሚገባበት ቦታም አለ። በተጋደመ ታንከር ላይ ከጎኑ በኩል በወገቡ ከገባ ከሱ በላይ ያለውን ግማሹን ብቻ ነው የሚያሞቀው፣ ታችኛው ቀዝቃዛ ሆኖ ለፀሐይ ይቀራል። ከታች ጫፍ ከገባ ሁሉንም ያሞቃል፣ ለፀሐይ የሚተርፍ የለም። ስትገዙ ይሄን ጠይቁ፣ "ሬዚስታንሱ የት ነው የሚገባው?" በሉ።

አሁን የምናገረውን እባካችሁ ቀለል አድርጋችሁ እንዳትሰሙት። አንድ ቤት ልጅቷ ሻወር ስትገባ "ውሃው ይነዝረኛል" ብላ ነበር፣ ቤተሰቡ ለሳምንት ብርዱ ነው እያለ አሳለፋት። ስሄድ የሬዚስታንሱ ሽፋን ተሰንጥቋል፣ ኤርዝ የሚባል ሽቦ ጭራሽ አልታሰረም፣ ብሬከሩ ደግሞ ተራው ነው። ያቺ ልጅ በህይወት ያለችው በእግዜር ቸርነት ነው። ተራ ብሬከር ሽቦውን ነው የሚጠብቀው፣ ሰውን አይጠብቅም። ለሬዚስታንሱ የራሱ መስመር ይኑረው፣ 2.5 ካሬ ሽቦ፣ 16 አምፔር ብሬከር፣ ኤርዙ በታንከሩ አካል ላይ የታሰረና መሬት የገባ፣ ከዛ በተጨማሪ 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚቆርጠው፣ ቴስት የሚል ቁልፍ ያለው ብሬከር። ይሄ ካልገባ ሬዚስታንሱን አታብሩ፣ ክረምቱን በቀዝቃዛ ብትታጠቡ ይሻላል። ውሃ ትንሽ እንኳን ከነዘረ ብሬከር አጥፉ፣ ያኔውኑ።

ቫኩም ትዩብ የሚባለውን፣ ባለ ብዙ የመስታወት ቱቦውን የምታስቡ አላችሁ። እሱ ላይ ዙሩ በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ ስለሆነ የቧንቧው ነገር ይቀላል። ግን ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር አንድ አደጋ አለው፣ ታንከሩ ባዶ ሆኖ ቱቦው ፀሐይ ላይ ከዋለ በኋላ በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ቢገባበት ይፈነዳል። ባዶ ከሆነ ማታ ወይም ጎህ ሲቀድ ነው የሚሞላው። ደብረ ብርሃን ወይም ውርጭ የሚጥልበት ቦታ ቤት የምትሰሩ ካላችሁ ደግሞ እኔ ያልኩት ተራው መስታወት ለሊት ውስጡ በረዶ ሰርቶ መዳቡን ሊቀደው ይችላል፣ እዛ በመስታወቱ ውስጥ የማይረጋ ፈሳሽ የሚዞርበትን አይነት ጠይቁ።

ሊቀመንበራችን ሰዓት እያሳዩኝ ነው፣ ልጨርስ። ውሉ ላይ እነዚህ እንዲጻፉ ለኮሚቴው ሰጥቻለሁ፣ የታንከሩ ከፍታ፣ የሙቁ ቧንቧ ሳያቋርጥ መውጣት፣ የቧንቧው አይነት፣ የሬዚስታንሱ ቦታና ኤርዙ። አንድ ተጨማሪም አስገብቻለሁ፣ ስራው ሲያልቅ ርክክቡ የሚደረገው ሬዚስታንሱ ጠፍቶ ሶስት ፀሐያማ ቀን ከዋለ በኋላ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ በቴርሞሜትር ተለክቶ ነው። ሬዚስታንሱ በርቶ "ይኸው ሙቅ ውሃ" ብሎ የሚያስረክባችሁን አትፈርሙለት።

ጥያቄ ያላችሁ እዛው እንነጋገራለን፣ ምክንያቱም አሁን ሊቀመንበራችን ቤት ጣሪያ ላይ ነው የምንወጣው። አምና ያስገቡት አለ፣ ከትናንት ጀምሮ ብሬከሩን አስጠፍቻቸዋለሁ፣ ሰማዩም ጥርት ብሏል፣ ለ6 ሰዓት 10 ጉዳይ ነው። መሰላሉ ሁለት ሰው ነው የሚይዘው፣ በተራ ውጡ፣ መጀመሪያ የታችኛውን ቧንቧ ንኩ፣ ከዛ የላይኛውን መነሻውን፣ ከዛ ታንከሩ ጋ ያለውን ጫፍ፣ ያገኛችሁትን ለኔ ሳይሆን ለቀጣዩ ሰው ንገሩት።